ሰነዱ ከገንዘቡ በፊት

የተከበራችሁ የንፋስ መውጫ ነዋሪዎች፣ ከላይና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ ነጋዴዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተጠሪዎችና ወጣቶች፣   ሥራዬ የጉምሩክ አስተላላፊነት ነው። ዕቃቸው ደረቅ ወደብ ደርሶ ወረቀቱ ግን ያልደረሰላቸውን፣ ወይም ወረቀቱ ደርሶ ከዕቃው ጋር ያልተስማማላቸውን ሰዎች በየጊዜው አገኛለሁ። እናንተም ወፍጮ፣ የመስኖ ፓምፕ፣ የማሸጊያ መሣሪያ ከውጭ በቀጥታ ለማስመጣት እንደምታስቡ ስለሰማሁ፣ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከላኪው ነጋዴ ፓኪንግ ሊስት፣ የስሪት አገር ሰርተፍኬትና ሌሎች የጉምሩክ ሰነዶችን እንዴትና መቼ እንደምንጠይቅ።

በመጀመሪያ ባንክና ጉምሩክ ሰነዱን በምን ዓይን እንደሚያዩት እናገራለሁ። ቀጥዬ አንድ ግዢ በምሳሌ አንሥቼ ፓኪንግ ሊስቱን በዝርዝር እናየዋለን፤ ብዙውን ጊዜያችንን የምናሳልፈው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ስሪት አገር ሰርተፍኬት እናልፋለን። በመጨረሻ ጥያቄው የሚቀርብበትን ጊዜና አጻጻፉን አንሥቼ እጨርሳለሁ።

ከባንኩ እንጀምር። ከውጭ ዕቃ ስንገዛ ብዙ ጊዜ ክፍያው የሚፈጸመው በኤል ሲ ነው። ባንካችን ለላኪው፣ «እነዚህን ሰነዶች በትክክል ካቀረብህ እከፍልሃለሁ» ብሎ ቃል ይገባል ማለት ነው። ይህን ውል ባንኮች የሚዳኙት ዩሲፒ 600 በሚባለው ደንብ ነው። ደንቡን ያወጣው ፓሪስ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው በፈረንጆች አቆጣጠር ከሐምሌ 1 ቀን 2007 ጀምሮ ነው። በአንቀጽ 5 የተቀመጠው መሠረቱ ባንክ የሚሠራው በሰነድ እንጂ በዕቃ አይደለም የሚል ነው። ካርቶኑ ውስጥ ፓምፕ ይኑር ድንጋይ ባንኩ አይከፍተውም። ወረቀቶቹ ኤል ሲው ካለው ጋርና እርስ በርሳቸው ካልተጋጩ ይከፍላል።

ከዚህ ጋር ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ድንጋጌ አለ። ኤል ሲው አንድን ሰነድ ጠይቆ ማን እንደሚያወጣውና ምን እንደሚይዝ ካልገለጸ፣ ባንኩ ሰነዱ ስሙ የሚለውን ተግባር የሚፈጽም እስከመሰለ ድረስ እንደቀረበ ይቀበለዋል። ይህ አንቀጽ 14 ውስጥ ነው። ስለዚህ ማመልከቻችን ላይ «ፓኪንግ ሊስት ሦስት ቅጂ» ብለን ብቻ ከጻፍን፣ ላኪው «ፓምፕ፣ 240 ካርቶን» ብሎ በአንድ መስመር ጽፎ ቢልክ ባንኩ የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። ገንዘቡ ይከፈላል። ያ ወረቀት ግን ጉምሩክ ላይ ሲደርስ አይበቃም።

ጉምሩክ የሚሠራው በተቃራኒው ነውና። በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና በማሻሻያው 1160/2011 መሠረት ዲክላራሲዮን ስንሞላ ኢንቮይሱን፣ የማጓጓዣ ሰነዱን፣ የባንክ ፈቃዱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና የስሪት አገሩን ማስረጃ እናያይዛለን። ሥርዓቱ የእያንዳንዱን ዲክላራሲዮን ስጋት መዝኖ መስመር ይመድብለታል። ቢጫ ከወጣ ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ከወጣ ዕቃው ራሱ ይፈተሻል። ያኔ ፈታሹ ወረቀቱን በአንድ እጁ ይዞ ካርቶኑን ያስከፍታል። ባንኩ ያላየውን እርሱ ያያል። ላኪውን ሰነድ ስንጠይቅ እነዚህን ሁለት አንባቢዎች፣ ወረቀትን ከወረቀት የሚያስተያየውንና ወረቀትን ከዕቃ የሚያስተያየውን፣ በአንድ ጊዜ ማሰብ አለብን።

አሁን ወደ ምሳሌው ልለፍ። አንድ የመስኖ ማኅበር ከቻይና 240 የቤንዚን ውሃ ፓምፕ ሊገዛ ነው እንበል። የአንዱ ዋጋ 95 ዶላር፣ ጠቅላላው 22,800 ዶላር ነው። አንድ ፓምፕ በአንድ ካርቶን ይታሸጋል። የካርቶኑ ጥቅል ክብደት 27 ኪሎ፣ የፓምፑ የተጣራ ክብደት 24 ኪሎ ነው። የካርቶኑ መጠን 53 በ43 በ45 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን አባዝታችሁ ስትደምሩ ጥቅል ክብደቱ 6,480 ኪሎ፣ የተጣራው 5,760 ኪሎ፣ ይዘቱም ወደ 24.6 ሜትር ኩብ ይመጣል። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ይገባል ማለት ነው። ይህን ሒሳብ በወረቀትና በእርሳስ ማንም ሊሠራው ይችላል፤ ላኪው ረቂቁን ሲልክ ደግሞ መሥራት ግዴታችን ነው። ብዛቱ በአንዱ ክብደት ተባዝቶ ከታች የተጻፈውን ድምር ካልሰጠ፣ ያ ወረቀት ከሌላ ደንበኛ ተገልብጦ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ላኪው ደግ ሰው ነው እንበል። «ለመጀመሪያ ግዢያችሁ አሥር ካርቶን መለዋወጫ በነጻ ጨምሬላችኋለሁ» ይላል። ማኅበሩ ደስ ይለዋል፤ ማን ይጠላል? እያንዳንዱ የመለዋወጫ ካርቶን 18 ኪሎ ይመዝናል፤ የተጣራው 16 ኪሎ ነው። ኮንቴይነሩ ሲሞላ አሥሩም ካርቶኖች ከፓምፖቹ ጋር ይገባሉ። የመርከብ ድርጅቱ የሚጽፈው የተጫነውን ነውና ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ላይ 250 ካርቶን፣ 6,660 ኪሎ ተብሎ ይሰፍራል። ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ግን ከኤል ሲው የተቀዱ ስለሆኑ 240 ካርቶን፣ 6,480 ኪሎ ይላሉ። ልዩነቱ 10 ካርቶንና 180 ኪሎ ነው።

ይህ ልዩነት ባንክ ላይ ከታየ ሰነዶቹ ተጋጭተዋል ተብሎ ክፍያው ይቆማል። ባንኩ ጉድለቱን ለላኪው ወገን ያሳውቃል፣ ማኅበሩንም «በዚሁ ትቀበላላችሁ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ማኅበሩ ዕቃውን ይፈልጋልና ይቀበላል። ሰነዱ ተለቅቆ ዕቃው ጉምሩክ ዘንድ ሲቀርብ ግን እንደገና ይነሣል። ፈታሹ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያልተጻፈ አሥር ካርቶን ያገኛል። ስጦታ መሆኑን ብትነግሩትም በፊቱ ያለው ያልተገለጸ ዕቃ ነው። የጉምሩክ ዋጋ ደግሞ ለነጻ ዕቃም ይተመናል፤ ገንዘብ አልተከፈለበትም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ከዚያ ትርፍ ዕቃ ተገኘ የሚል ሪፖርት፣ የዋጋ ትመና፣ ቅጣት፣ ይህ ሁሉ እስኪያልቅም የወደብ ኪራይ ይከተላል።

አንዳንድ ሰው መፍትሔው ቀላል ይመስለዋል፤ ላኪው ኢንቮይሱ ላይ «አሥር ካርቶን መለዋወጫ፣ በነጻ» ብሎ ይጨምር ይላል። ለጉምሩክ ይህ ከዝምታው ይሻላል። ለባንክ ግን ሌላ ጉድለት ነው። ባንኮች ዩሲፒን የሚተረጉሙበት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የታተመው የአሠራር መመሪያ ኢንቮይስ ኤል ሲው ያልጠየቀውን ዕቃ ማሳየት የለበትም ይላል፤ በነጻ የተሰጠ መሆኑ ቢጻፍበት እንኳ። እንግዲህ ላኪው ስጦታውን ቢደብቀው ጉምሩክ ይይዘዋል፣ ቢገልጠው ባንክ ይይዘዋል። ዕቃው ከተጫነ በኋላ ከዚህ አጣብቂኝ ያለ ወጪ የሚያወጣ መንገድ እኔ አላውቅም።

ከመጫኑ በፊት ግን በጣም ቀላል ነው። ላኪው ገና ፕሮፎርማውን ሲልክ ማኅበሩ እንዲህ ብሎ ይጽፍለታል፦ «ስጦታውን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን በነጻ ከምትሰጠን በዋጋው ውስጥ አስገባልን። ፓምፑን በ92 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ አሥሩን ካርቶን መለዋወጫ በየዓይነቱ ዘርዝረህ በ600 ዶላር ጻፍልን።» 240 ፓምፕ በዚህ ዋጋ 22,200 ዶላር ይሆናል፤ 600 ሲጨመርበት ያው 22,800 ነው። ማኅበሩ የሚከፍለው አንድ ሳንቲም አልጨመረም። ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበት፣ በእውነትም የሚከፈል ዋጋ ስለሆነ የሚደበቅ ነገር የለበትም። ኤል ሲው ሲከፈት መለዋወጫው በዕቃው መግለጫ ውስጥ ይገባል፣ ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉም 250 ካርቶን ይላሉ።

ይህን ከተስማማን በኋላ ፓኪንግ ሊስቱ ምን እንዲይዝ እንጠይቅ? ከሁሉ የሚበልጠው የካርቶን ቁጥር ነው። ከ1 እስከ 240 ፓምፕ፣ ከ241 እስከ 250 መለዋወጫ ተብሎ ይጻፍ፤ ቁጥሩም ካርቶኖቹ ላይ ይታተም። መለዋወጫው የትኛው ካርቶን ውስጥ ምን እንዳለ፣ ስንት ማኅተም፣ ስንት ካርቡሬተር፣ ስንት ማስነሻ ገመድ እንደሆነ ይዘርዘር። ፈታሹ መለዋወጫውን ማየት ሲፈልግ 241ኛውን አምጡ ይላል፣ ያያል፣ ያልፋል። ቁጥር ከሌለ የኮንቴይነሩን ሆድ ዕቃ በሙሉ አውጥቶ መልሶ መጫን ሊመጣ ነው፤ የጫኝና አውራጁ ሒሳብም በእናንተ ላይ ነው። ከዚህ ሌላ ለየዓይነቱ ሞዴሉ፣ ብዛቱ፣ የተጣራና ጥቅል ክብደቱ፣ የካርቶኑ መጠን፣ በመጨረሻም የኮንቴይነሩና የሲሉ ቁጥር ይኑርበት። ሞተር ባለው ዕቃ ላይ የእያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር በአባሪ እንዲመጣ መጠየቅም ብልህነት ነው፤ ኋላ ዋስትና ለመጠየቅ ይረዳል።

የገዢው ስምና አድራሻ ላይም ትንሽ ልቁም። የንፋስ መውጫን ስም በላቲን ፊደል ሁላችንም እንዳሻን እንጽፈዋለን። ባንክ ጥቃቅን የአድራሻ ልዩነትን ሊያልፍ ይችላል፤ የማኅበሩ ስም ግን በግብር ከፋይ መለያ ምዝገባው ላይ እንዳለ፣ በፊደል ሳይዛነፍ ለላኪው ተጽፎ ይላክለት። በስልክ አትንገሩት፤ ገልብጦ የሚለጥፈው ጽሑፍ ስጡት።

ወደ ስሪት አገር ሰርተፍኬት እንምጣ። ይህ ሰነድ የሚመልሰው ዕቃው ከየት ተጫነ የሚለውን ሳይሆን የት ተሠራ የሚለውን ነው። ብዙ ነጋዴዎቻችን የሚገዙት ዱባይ ነው፤ ዕቃው ግን የቻይና ወይም የሕንድ ሥራ ነው። ዱባይ መሸጡ የዱባይ ስሪት አያደርገውም። የዱባይ ንግድ ምክር ቤት ለእንዲህ ያለው ዕቃ ሰርተፍኬት ሲሰጥ የስሪት አገሩን ቻይና ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ ትክክሉም እርሱ ነው። ችግር የሚመጣው ፕሮፎርማው ላይ ላኪው በግድየለሽነት የስሪት አገሩን ኤሚሬትስ ብሎ ጽፎ፣ ባንኩም ያንኑ ኤል ሲው ላይ ሲቀዳው ነው። ሰርተፍኬቱ ቻይና ብሎ ሲመጣ ከኤል ሲው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ፕሮፎርማው ሲመጣ ዋጋውን ከማየት ጋር የስሪት አገሩን መስመር አንብቡ።

ማን እንዳወጣውም መጻፍ አለበት። ኤል ሲው አውጪውን ካልሰየመ ማንም ሊያወጣው ይችላል፤ ላኪው ራሱ በራሱ ማኅተም «የቻይና ሥራ ነው» ብሎ ቢፈርም ባንኩ ይቀበላል። ራሱ ሻጩ የመሰከረው ምስክርነት ደግሞ ጉምሩክ ፊት ክብደቱ ትንሽ ነው። ለቻይና ዕቃ «በቻይና ዓለም አቀፍ ንግድ ማስፋፊያ ምክር ቤት ወይም በቻይና ጉምሩክ የወጣ» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ አካላት ሰርተፍኬቱን የሚያዘጋጁት ከኢንቮይሱ ተነሥተው ነው፤ ስለዚህ ኢንቮይሱ ላይ የገባ ስሕተት በእነርሱ ማኅተም ተደግፎ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ማረም የላኪውን ደብዳቤ፣ የምክር ቤቱን ደጅ ጥናትና ብዙ ቀናትን ይጠይቃል።

ለቻይናው ፓምፕ ይህ ሰርተፍኬት ቀረጥ አይቀንስም፤ ስሪቱን ያረጋግጣል፣ በዚያ ያበቃል። ቀረጥ የሚቀንስ ሌላ ዓይነት ሰርተፍኬት ግን አለ። ኢትዮጵያ የኮሜሳ አባል ስትሆን በታሪፍ መጽሐፏ ከአባል አገሮች ለሚመጣ ዕቃ በቀረጡ ላይ የ10 ከመቶ ቅናሽ ትሰጣለች። ልብ በሉ፣ የሚቀነሰው ከቀረጡ መጠን ላይ አሥር ከመቶው ነው። የጉምሩክ ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነ፣ 20 ከመቶ ቀረጥ የሚከፈልበት ዕቃ ከኬንያ መጣ እንበል። ያለ ሰርተፍኬቱ ቀረጡ 400,000 ብር ነው። ከሰርተፍኬቱ ጋር ማስከፈያው 18 ከመቶ ይሆንና 360,000 ብር ይመጣል። ተጨማሪ እሴት ታክሱም ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ስለሚሰላ እርሱም በመጠኑ ይወርዳል።

ይህን ለማግኘት ግን የንግድ ምክር ቤት ሰርተፍኬት አይበቃም። የኮሜሳ የራሱ ቅጽ አለው፤ የሚያወጣውም መንግሥት የሰየመው አካል ነው። በኬንያ ይህ የገቢዎች ባለሥልጣን ነው። ዕቃውም የአባል አገሩ ሥራ ስለመሆኑ መመዘኛ አለው፤ ከመመዘኛዎቹ አንዱ በአገሩ የተጨመረው እሴት ቢያንስ 35 ከመቶ እንዲሆን ይጠይቃል። ናይሮቢ ውስጥ ካርቶኑ ብቻ የተቀየረለት የእስያ ዕቃ አያልፍም። ስለዚህ ለኬንያ ወይም ለግብፅ ላኪ የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰርተፍኬት ትልካለህ?» የሚል መሆን የለበትም፤ እርሱማ አዎ ይላል። «ይህ ዕቃ በኮሜሳ ደንብ ብቁ ነው ወይ? ከዚህ በፊትስ ለዚህ ዕቃ ቅጹን አውጥተህ ታውቃለህ? የአንዱን ቅጂ አሳየኝ» በሉት። መልሱ ካልጠራ ያለ ቅናሹ አስሉና ዋጋው ያዋጣ እንደሆነ ወስኑ።

አሁን ጥያቄው መቼ ይቅረብ የሚለውን ላንሣ። በገበያችን በሬ የሚገዛ ሰው ዋስ የሚጠራው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ነው፤ በሬውን ነድቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ዋስ ፍለጋ የሚመለስ የለም። ሰነድም እንደዚሁ ነው። በተለይ ክፍያው በቲቲ አስቀድሞ የሚላክ ከሆነ፣ ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ላኪው ላይ ያለን አቅም መለመን ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የምትከፍሉ ከሆነ ቀሪው ክፍያ የሰነዶቹ ረቂቅ ታይቶ ከጸደቀ በኋላ እንዲሆን በውሉ አጽፉ።

በኤል ሲ ከሆነ የጠየቅነው ሁሉ ባንኩ በሚልከው መልእክት ላይ መስፈር አለበት። የዕቃው መግለጫ 45A በተባለው ቦታ፣ የሚፈለጉት ሰነዶች 46A ላይ ይገባሉ። ከላኪው ጋር በስልክ መልእክት የተስማማነው፣ 46A ላይ ካልገባ ባንኩ አያውቀውም። ረቂቁን ባንኩ ከመላኩ በፊት ለማየት ጠይቁ፤ እንግሊዝኛው ቢከብዳችሁም ከአስተላላፊያችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መስመር በመስመር አንብቡት።

48 የተባለው ቦታ ደግሞ ላኪው ከጫነ በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ሰነዱን ለባንክ ማቅረብ እንዳለበት ይናገራል። ካልተጻፈበት ደንቡ 21 ቀን ይሰጠዋል። ከዚያ ባንኮቹ እያንዳንዳቸው እስከ አምስት የሥራ ቀን መመርመሪያ አላቸው፤ ፖስታውም ይጓዛል። ከቻይና ወደብ ጅቡቲ የሚደርስ መርከብ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ይፈጅበታል። ቀኖቹን ስትደምሯቸው ሰነዱ በመርከቡ ሊቀደም እንደሚችል ታያላችሁ። ዕቃው ሞጆ ወይም እዚሁ ዞናችን ወረታ ደረቅ ወደብ ተቀምጦ ኪራይ ሲቆጥር፣ ወረቀቱ ገና ባንክ ለባንክ ይዞራል። እኔ ለደንበኞቼ የምመክረው ይህን ጊዜ ወደ 10 ቀን ማሳጠር ነው። ላኪው ከተቃወመ 14 ቀን ላይ መስማማት ይቻላል፤ 21 ግን ለእኛ ለወደብ አልባዎቹ ረጅም ነው።

በመጨረሻ ለላኪው የሚጻፈው ደብዳቤ አጭር ይሁን። የምትፈልጉትን ሰነድ ሁሉ፣ አውጪውን፣ የቅጂውን ብዛትና ይዘቱን ዘርዝሩለት። የኢንቮይስ፣ የፓኪንግ ሊስት፣ የሰርተፍኬትና የቢል ኦፍ ሎዲንግ ረቂቅ መርከቡ ሳይነሣ በኢሜይል እንዲደርሳችሁና ያለ እናንተ ስምምነት የመጨረሻው እንዳይታተም ጠይቁት። የመድን ሰነድ አትጠይቁት፤ ሽፋኑን እዚሁ አገር ካለ መድን ድርጅት እንገዛለንና። ረቂቆቹ ሲደርሱ አራቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ስሙን፣ የካርቶኑን ብዛት፣ ጥቅል ክብደቱንና የስሪት አገሩን ብቻ አስተያዩ። እነዚህ አራቱ ከተስማሙ እኔ ከማያቸው ችግሮች አብዛኛው ቀርቷል።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ይህን ነው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ላኪ ፕሮፎርማ ሲልክላችሁ፣ የሰነዱ ዝርዝር በእርሱ ላይ እስኪጻፍ ድረስ አትፈርሙ፣ ብርም አታስተላልፉ። አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ።